«ቡና ጊዮርጊስ አሸነፈ»፦ የቃላት ቅደም ተከተል ነፃነት ከየት ይመጣል?

የእግር ኳስ ውጤትን በስልክ የሚከታተል ሰው በችኮላ የተጻፈ አርዕስት አይጠፋበትም። «ቡና ጊዮርጊስ አሸነፈ» የሚል ነገር ደረሰው እንበል። ማን አሸነፈ? አብዛኛው ሰው «ቡና» ይላል፤ መጀመሪያ የተጠራው እሱ ነዋ። ግን እርግጠኛ አይደለም። ተመልሶ ያነበዋል፤ ከዚያ ወደ አስተያየት መስጫው ወርዶ የማን ደጋፊ እንደሚፎክር ያያል።

አሁን አንዲት ፊደል እንጨምር። «ቡና ጊዮርጊስን አሸነፈ»። ነገሩ አለቀ። «ጊዮርጊስን ቡና አሸነፈው» ብንልም ያው ቡና ነው ያሸነፈው። ቃላቱ ቦታ ተለዋወጡ፣ ውጤቱ ግን አልተለወጠም።

ስለ ቋንቋ ክርክር ሲነሳ ሁለት አባባሎች ይደጋገማሉ። አንዱ «አማርኛ ባለቤት፣ ተሳቢ፣ ግስ ነው፤ ከዚህ ከወጣህ ተሳስተሃል» ይላል። ሌላው «ግዕዝና ላቲን ሀብታም ቋንቋዎች ስለሆኑ ቃሉን እንደፈለግህ ትደረድራለህ» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የጎደላቸውን ለማየት ቅደም ተከተሉ ራሱ ምን ሥራ እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

## ሥራው አንድ ነው፣ ሠራተኛው ይለያያል

አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ስሞችና አንድ ግስ ካሉ፣ አድማጩ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ማን አድራጊ፣ ማን ተደራጊ እንደሆነ ነው። የሰዋስው መምህሮቻችን የመጀመሪያውን ባለቤት፣ ሁለተኛውን ተሳቢ ይሉታል።

ይህን ለማሳወቅ ዋናዎቹ መንገዶች ሦስት ናቸው። ስሙ ራሱ ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል፣ እንደ «ን»። ግሱ ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል፣ «አሸነፈው» ውስጥ እንዳለው «ው»። ወይም ደግሞ ቦታን መጠቀም ይቻላል፤ ቀድሞ የመጣው አድራጊ ነው ብሎ መስማማት ነው። ስሙ ላይ የሚደረገውን ምልክት የሥነ ልሳን ሰዎች «ኬዝ» ይሉታል፤ ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሙያ የሚናገር ምልክት ማለት ነው።

ምልክቱ ሥራውን ከሠራ ቦታው ከዚያ ኃላፊነት ነፃ ይወጣል። ምልክቱ ከጠፋ ቦታው ተተክቶ ይሠራል፤ ስለዚህ መንቀሳቀስ አይችልም። የነፃ ቅደም ተከተል ምሥጢር በመሠረቱ ይኸው ነው። የሚገርመው ግን ይህን ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ሁለቱም ሁኔታዎች አማርኛ ውስጥ አሉ።

## አማርኛ ራሱ የሚያሳየን ሙከራ

«ን» በሁሉም ተሳቢ ላይ አትመጣም። ተሳቢው የታወቀ ነገር ሲሆን የግድ ናት፦ የሰው ወይም የቦታ ስም ሲሆን («አበበን»)፣ «ው» ወይም «ዋ» ሲጨመርበት («በጉን»፣ «ላሟን»)፣ «የእኔ» ወይም «ይህ» ሲባልበት («ልጄን»፣ «ይህን»)። ተሳቢው ማንኛውም ያልተለየ ነገር ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ ትቀራለች። «በግ ገዛሁ» እንላለን፣ «በግን ገዛሁ» አንልም።

ከዚህ ተነሥተን እንሞክር። «ጅቡ ውሻውን ነከሰው»። ገልብጠው፦ «ውሻውን ጅቡ ነከሰው»። የተነከሰው አሁንም ውሻው ነው። አሁን «ን»ን የማይፈልጉ ስሞች እንውሰድ። «ጅብ ውሻ ነከሰ»። ገልብጠው፦ «ውሻ ጅብ ነከሰ»። አሁን የተነከሰው ጅቡ ነው፤ ዜናም የሚሆነው ይኼኛው ነው። ቋንቋው ያው፣ ግሱ ያው፣ ስሞቹም እነዚያው ናቸው። የተለወጠው የምልክቱ መኖርና አለመኖር ብቻ ነው። ምልክቱ ባለበት ቦታ ቃላቱ ይንቀሳቀሳሉ፣ በሌለበት ይታሰራሉ።

ተረታችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል አንበሳ ያለ «ን» የመጣው የተለየ አንበሳ ስላልሆነ ነው። ስለዚህም ከግሱ አጠገብ ተለጥፎ ይቀመጣል። ድሩንና አንበሳውን አቀያይረህ ብትለው አንበሳው አሳሪ ሆኖ ያርፈዋል።

ምልክት የሌለው ተሳቢ ከግሱ ጋር እንደ አንድ ቃል ተጣብቆ ይሄዳል። «ቤት ሠራ»፣ «ውሃ ጠጣ»፣ «በግ አረደ» ስንል መሐል ላይ ባለቤቱን ማስገባት ይከብዳል። «በግ አበበ አረደ» የሚል ሰው በግጥም ወይም በጣም አጽንዖት ሰጥቶ ካልሆነ አይሰማም። «በጉን አበበ አረደው» ግን የዕለት ተዕለት ንግግር ነው።

እዚህ ላይ የግሱም ምልክት እየሠራ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ተሳቢው ወደ ፊት ሲወጣ ግሱ ላይ «ው» ወይም «ኣት» መጨመር ይቀናናል፦ «አረደው»፣ «ጠራት»። ተሳቢው ከቦታው ስለራቀ ግሱ «አልረሳሁትም» ብሎ የሚያረጋግጥ ይመስላል። ጾታም ያግዛል። «ልጁን ልጅቷ መታችው» ላይ «ን» በስህተት ብትጠፋ እንኳ «መታችው» የሚለው ግስ መቺዋ ሴት፣ ተመቺው ወንድ መሆኑን ይናገራል። «ቡና ጊዮርጊስ አሸነፈ» ግራ የሚያጋባው ሁለቱም ቡድኖች በአንድ «እሱ» ስለሚጠሩና ግሱ ሊለያቸው ስለማይችል ነው። ያለችው ረዳት «ን» ብቻ ነበረች፤ እሷም ቀረች።

## «ነፃ» ማለት ዝም ብሎ መበተን አይደለም

ቃላቱ መንቀሳቀስ ከቻሉ ለምን ይንቀሳቀሳሉ? ዝም ብለው አይደለም። ቦታው «ማን አደረገ» የሚለውን ከመንገር ሲገላገል ሌላ ሥራ ይይዛል፤ ስለ ምን እያወራን እንደሆነና አዲሱ ወሬ የቱ እንደሆነ ይናገራል።

አንድ ሰው «ጊዮርጊስን ማን አሸነፈው?» ብሎ ቢጠይቅ «ጊዮርጊስን ቡና አሸነፈው» ነው መልሱ። የሚታወቀው ነገር ፊት ይቀድማል፣ አዲሱ ነገር ከግሱ አጠገብ ይቀመጣል። «ቡና ማንን አሸነፈ?» ቢባል ደግሞ «ቡና ጊዮርጊስን አሸነፈ» ይሆናል። መልሶቹን አቀያይረህ ብትሰጥ አድማጩ ይገባዋል፣ ግን ጥያቄውን በደንብ ያልሰማህ ይመስለዋል። ስለዚህ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ስለ ውጤቱ አንድ ናቸው፣ ስለ ወሬው አካሄድ ግን አንድ አይደሉም።

አንድ ነገር ግን «ን» ነፃ ያላወጣችው አለ፤ ግሱን። አማርኛ ውስጥ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ነው። በንግግር «መጣ እኮ ልጁ!» እንላለን፣ በጽሑፍ ግን ግሱ ከቦታው ብዙም አይነቃነቅም። የስሞች ምልክት ስሞቹን እርስ በርሳቸው እንዲቀያየሩ ያደርጋል እንጂ ግሱ የት እንደሚቀመጥ አይወስንም። ግሱ ለምን መጨረሻ እንደሆነ ሲጠየቅ ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት አማርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይም ከአገው ጋር የኖረበትን ረጅም ጉርብትና ነው። የ«ን» ጉዳይ አይደለም።

## ግዕዝ፦ የቀረችው አንዲት ድምፅ

የግዕዙን ኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያ ቁጥር ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል፦ «በቀዳሚ ገብረ እግዚአብሔር ሰማየ ወምድረ»። ግሱ ቀድሟል፣ ባለቤቱ ተከትሏል፣ ተሳቢዎቹ መጨረሻ ናቸው። ግን ተሳቢነታቸው የታወቀው መጨረሻ ስለሆኑ አይደለም። «ሰማይ» «ሰማየ»፣ «ምድር» «ምድረ» ሆነዋል። የመጨረሻው ፊደል ከሳድስ ወደ ግዕዝ ተለውጧል። «ሰማየ ወምድረ ገብረ እግዚአብሔር» ብንልም ፈጣሪና ፍጥረት አይምታቱም።

ይህች ድምፅ የድሮ ቅሪት ናት። ጥንታዊዎቹ ሴማዊ ቋንቋዎች ሦስት ምልክት ነበራቸው፤ የጽሑፍ ዐረብኛ እስከ ዛሬ ይዟቸዋል። ለባለቤት «ኡ»፣ ለተሳቢ «አ»፣ ለዘርፍ «ኢ»። ግዕዝ ውስጥ አጫጭሮቹ «ኡ» እና «ኢ» ወደ አንድ ድምፅ ተዋሃዱ፤ በቃል መጨረሻ ላይም ጠፉ። «አ» ብቻ ተረፈች። ስለዚህ ግዕዝ በዚህ በኩል ያን ያህል ሀብታም አይደለም። ያለው አንድ ልዩነት ነው፦ ምልክት ያለውና የሌለው። ለነፃነቱ ግን በቂ ሆነ።

የተሻለውን ማስረጃ የምናገኘው ይህች ምልክት በማትሠራበት ቦታ ነው። በራብዕ፣ በኃምስና በሳብዕ የሚያልቁ ስሞች ተሳቢ ሲሆኑም አይለወጡም፤ «አንበሳ» ባለቤትም ሆነ ተሳቢ ያው «አንበሳ» ነው። «ብእሲ» ግን፣ ሰው ማለት ነው፣ በሣልስ ስለሚያልቅ ተሳቢ ሲሆን «ብእሴ» ይሆናል። አሁን ሁለቱን እንደርድራቸው። «ቀተለ አንበሳ ብእሴ»፦ አንበሳ ሰው ገደለ። «ቀተለ አንበሳ ብእሲ»፦ ሰው አንበሳ ገደለ። አንበሳ በሁለቱም ላይ ያለበትም ቦታ፣ መልኩም አንድ ነው። ሙያው የታወቀው ጎረቤቱ ስለተናገረ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ምልክት ካለው ወይም ምልክት ሊይዝ ሲገባው ካልያዘ ነገሩ ይፈታል።

ሁለቱም የማይለወጡ ከሆኑስ? «ቀተለ ሐራ አንበሳ» እንበል፤ ሐራ ወታደር፣ ጭፍራ ማለት ነው። አሁን ገዳዩን ከፊደሉ ማወቅ አይቻልም። አንባቢው ወደ ቦታ ይመለሳል፣ ከዐውዱም ይፈልጋል። ወይም ደግሞ ጸሐፊው ሌላ መንገድ ይይዛል፤ «ቀተሎ ሐራ ለአንበሳ» ይላል። ግሱ ላይ «ኦ» ጨመረ፣ ስሙ ላይ «ለ» ጨመረ። የስም መጨረሻው የከዳውን ግሱና መስተዋድዱ ያነሡታል። ከአማርኛው «በጉን አበበ አረደው» ጋር ያለው ዝምድና ዓይን ውስጥ ይገባል።

ሌላም መሰናክል አለ። ያቺው ድምፅ ዘርፍ ለማያያዝም ታገለግላለች፦ «ቤተ ንጉሥ»። «ቤተ» የሚለው ቃል በዚህ ሐረግ ውስጥ ባለቤትም ቢሆን ተሳቢም ቢሆን መልኩ አንድ ነው። ቅኔ የሚፈታ ሰው ቃል ፊትና ኋላ ሲበተንበት መጀመሪያ የሚያደርገው ማሰሪያውን ፈልጎ ባለቤቱንና ተሳቢውን መለየት ነው፤ ይህችን «ቤተ»ን የመሰለች ቃል ስትገጥመው ግን ፊደሏን ብቻ አይቶ መወሰን አይችልም።

## ምልክቱ ሲረግፍ ምን ይሆናል? የላቲን ታሪክ

ላቲን የዚህ ጉዳይ ሁነኛ ምስክር ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያለው ታሪክ ተጽፎ ስለተቀመጠ። «ፔትሩስ ፓውሉም አማት» ማለት ጴጥሮስ ጳውሎስን ይወዳል ማለት ነው። «ፓውሉም ፔትሩስ አማት» ቢባልም ያው ነው፤ «ኡስ» ባለቤትን፣ «ኡም» ተሳቢን ይናገራሉ።

እንዲያውም ላቲን ከአማርኛ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል። ቅጽሉም ስሙም ምልክቱን ስለሚይዙ ሁለቱን መለያየት ይቻላል። በምረቃ ዲፕሎማ ላይ የሚታየው «ማግና ኩም ላውዴ» ቃል በቃል ሲፈታ «ታላቅ፣ ጋር፣ ምስጋና» ነው። ቅጽሉ ከስሙ ተነጥሎ መስተዋድዱን ዘሏል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ኬዝ ስለያዙ ግን አንባቢው ያገናኛቸዋል። አማርኛ ይህን አይችልም። «ትልቁን ቤት ልጁ ገዛው» እንላለን፣ «ትልቁን ልጁ ቤት ገዛው» ግን አይሆንም። «ን» ለሐረጉ በሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትመጣ «ቤት» ብቻውን ቢወጣ የማን እንደሆነ የሚናገርለት የለም።

በላቲን መጨረሻ ላይ ያለችው «ም» ግን ደካማ ነበረች። በ79 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ) በእሳተ ገሞራ በተቀበረችው በፖምፔይ ከተማ ግድግዳዎች ላይ ተራ ሰዎች የጻፏቸው ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ይጥሏታል። ስለማትነገር አልጻፏትም። በኋላም አናባቢዎቹ ተቀራረቡ፣ «ስ»ም በአንዳንድ አካባቢ ጠፋች። ዛሬ በጣልያንኛ ፓውሉስም ፓውሉምም «ፓኦሎ» ሆነዋል። ስለዚህ «ፒየትሮ አማ ፓኦሎ» ስትል ወዳጁ ፒየትሮ ነው፤ ብትገለብጠው ወዳጁ ፓኦሎ ይሆናል። ግሱ መሐል ገብቶ ግራና ቀኙን ይለያል።

ስፓኒሽ ትንሽ የተለየ መንገድ ሄደ። ተሳቢው የታወቀ ሰው ሲሆን ፊቱ ላይ «አ» የምትል ትንሽ መስተዋድድ ይጨምራል፦ «ፔድሮ አማ አ ፓብሎ»። በዚህም ምክንያት ተሳቢውን ወደ ፊት ማምጣት ይችላል፦ «አ ፓብሎ ሎ አማ ፔድሮ»። «ሎ» ማለት «እሱን» ነው፣ ከግሱ ጋር የሚሄድ። ይህን ወደ አማርኛ ቃል በቃል ብትመልሰው «ጳውሎስን ጴጥሮስ ይወደዋል» ይሆናል። ምንም ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች አንድ መፍትሔ ላይ ደረሱ፤ ምልክቱን በታወቀ ተሳቢ ላይ አደረጉ፣ ተሳቢው ቦታውን ሲለቅ ግሱ ላይ መልሰው ጠቀሱት። አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። ከአድራጊ ጋር የመምታታት ዕድሉ ከፍ ያለው ተሳቢ የታወቀ፣ በተለይም ሰው የሆነ ተሳቢ ነው፤ ምልክት በጣም የሚያስፈልገውም እዚያ ነው።

## ዶሮዋና እንቁላሏ

ተመራማሪዎች የሚከራከሩት በምልክቱና በቅደም ተከተሉ መካከል ስላለው ዝምድና መኖር ሳይሆን ስለ አቅጣጫው ነው። አንደኛው ወገን ድምፅ መጀመሪያ ረገፈ፣ ከዚያ ሰው እንዳይምታታበት ቅደም ተከተሉን አጠበቀ ይላል። ሌላው ወገን በተቃራኒው፣ ሰዎች አስቀድመው አንድ ዓይነት አደራደር ስለለመዱ ምልክቱ ትርፍ ሆነ፣ ትርፍ ነገር ደግሞ ቢረግፍ ማንም አይጎዳም ይላል። የእንግሊዝኛ ታሪክ ለሁለቱም ወገን መከራከሪያ ሆኗል። የጥንቱ እንግሊዝኛ ባለቤትንና ተሳቢን በመጨረሻ ድምፆችና ከስሙ በፊት በሚመጡ ጠቋሚ ቃላት ይለይ ነበር፤ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ግን እነዚያ ጫና የማያርፍባቸው የመጨረሻ ድምፆች እየደበዘዙ ወደ አንድ ገቡ። ግን ምልክቶቹ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይጠፉም ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ የሚለው አደራደር እየበዛ ነበር። ሁለቱ ሂደቶች እየተገፋፉ አብረው ሄዱ ማለት ከማስረጃው ጋር የተሻለ የሚስማማ ይመስላል።

ዝምድናውን እንደ ብረት ሕግ ማየትም አያስኬድም። አይስላንድኛ እስከ ዛሬ አራት ኬዝ አለው፣ አደራደሩ ግን ጥብቅ ነው። ቡልጋሪያኛ ደግሞ የስም ኬዞቹን ከሞላ ጎደል አጥቷል፤ ሆኖም በግሱ አጠገብ በሚቀመጡ ትንንሽ ተውላጠ ስሞች እየታገዘ ቃላቱን ሰፋ አድርጎ ያንቀሳቅሳል። ምልክት ለነፃነት በር ይከፍታል፤ ቋንቋው በሩን ይለፍበት አይለፍበት ሌላ ነገር ነው። «ሀብታም» የሚለው ቃልም ያሳስታል። ፊንላንድኛ 15 ኬዝ አለው፤ አብዛኞቹ ግን «ውስጥ»፣ «ላይ»፣ «ከ» የመሳሰሉትን የሚተኩ ናቸው። ባለቤትና ተሳቢን ለማቀያየር የሚያስፈልገው አንድ ልዩነት ነው፣ እሱም በሚያስፈልግበት ቦታ ከታየ ይበቃል።

ያም አንድ ልዩነት ቢሆን የሚያልቅበት ቦታ አለው። «አለቃው ዘበኛውን ሾፌሩን አስጠራው» በል። ሁለት «ን» መጣ። ጠሪው ዘበኛው ነው ወይስ ሾፌሩ? ምልክቱ ሁለቱም ላይ ስላለ አይለያቸውም፤ አንባቢው ቀድሞ የመጣውን ጠሪ አድርጎ ለመውሰድ ይገደዳል። ቦታ እንደገና ሥራውን ተረከበ ማለት ነው። ጠንቃቃ ጸሐፊ «አለቃው በዘበኛው በኩል ሾፌሩን አስጠራው» ብሎ ያልፋታል።

## ለአማርኛ ጽሑፍ ያለው ነገር

ይህ ሁሉ ዛሬ በምናነበው ዜና ላይ የሚታይ ውጤት አለው፤ በተለይ ከእንግሊዝኛ በተተረጎመው ላይ። እንግሊዝኛ ተሳቢውን ወደ ፊት ማምጣት ሲፈልግ ምልክት ስለሌለው ግሱን ተደራጊ ያደርገዋል። ተርጓሚውም እንዳለ ያመጣዋል፦ «ተጠርጣሪው በፖሊስ ተያዘ»፣ «ሕጉ በምክር ቤቱ ጸደቀ»፣ «ዋንጫው በቡና ተወሰደ»። እነዚህ ስህተት አይደሉም፤ አድራጊው በማይታወቅበት ወይም በማያስፈልግበት ቦታ ተደራጊ ግስ ትክክለኛ ምርጫ ነው። አድራጊው ከታወቀና ከተጠራ ግን አማርኛ ያን ዙሪያ መሄድ አያስፈልገውም፦ «ተጠርጣሪውን ፖሊስ ያዘው»፣ «ሕጉን ምክር ቤቱ አጸደቀው»፣ «ዋንጫውን ቡና ወሰደው»። ወሬው ስለ ተጠርጣሪው፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ ዋንጫው ሆኖ ይቀጥላል፣ አድራጊውም «በ» ሳይለጠፍበት በቦታው ይቆማል።

«ን»ን ከአርዕስት ላይ መጣልም የሚታየው ከዚሁ አንጻር ነው። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ አንድ ፊደል ሲቀነስ የሚጠፋው ግልጽነት ብቻ አይደለም፤ ጸሐፊው የትኛውን ስም እንደሚያስቀድም የመምረጥ መብቱንም ያጣል። የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ለሚያነቡት ገጽ «ጊዮርጊስን ቡና አሸነፈው» ብሎ በራሳቸው ቡድን ስም መጀመር የሚቻለው «ን» ካለች ብቻ ነው። ያለ እሷ «ጊዮርጊስ ቡና አሸነፈ» ብለህ ብትለጥፍ ደጋፊው ሦስት ነጥብ ያገኘ መስሎት ጭፈራ ይጀምራል።